ኮሶው ይቆይ፣ ወባው አይቆይም፦ በእርግዝና መጀመሪያ ሳምንታት ከመድኃኒትና ከባህላዊ ሕክምና የቱን እንምረጥ?

ሐዋሳ ላይ ኅዳር የወባ ወር ነው። ዝናቡ ያባራል፣ ውሃው ግን በየጉድጓዱ ተኝቶ ይቀራል። የፋርማሲዬ በር ከጠዋት ጀምሮ ሰው አያጣም። ሰዉ የመድኃኒት ስም አይጠራም። «ለራስ ምታት»፣ «ለምች»፣ «ለሆድ ትል» ብሎ ብሩን ይዘረጋል። እኔ ደግሞ ደንበኛዬ በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ከሆነች ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «የወር አበባሽ መጨረሻ ላይ የመጣው መቼ ነው?» አንዳንዷ ትስቃለች። «ለራስ ምታት ነው ያልኩሽ!» ብላ የተቆጣችኝም አለች።

ለምን እንደምጠይቅ በአንዲት ደንበኛዬ ላሳይ። ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀያይሬያለሁ። የ24 ዓመት ሴት ናት፣ ካገባች ዓመት አልሞላትም። ኅዳር 12 ቀን ከአማቷ ጋር መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ራሷን አሟታል፣ ሰውነቷ ይግላል። ከአንድ ሳምንት በፊት ደግሞ ሰገራዋ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ጥብጣብ የመሰለ ቁራጭ አይታለች። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ቤት ስለሆነ ማንም አልተደናገጠም፤ የኮሶ ትል ነው። አማቷ ሁሉን ነገር አዘጋጅተዋል። ለምቹ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጥተዋታል። ለትሉ ኮሶ በፌስታል ቋጥረው ይዘዋል፣ ቅዳሜ ጠዋት በባዶ ሆድ ልትጠጣ ነው። ወደ እኔ የመጡት ለራስ ምታቱ ብቻ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ የወሰደችው አይቡፕሮፌን ስላላቆመላት ጠንከር ያለ ፈልገው።

ጥያቄዬን ጠየቅሁ። ልጅቷ አማቷን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ «ጥቅምት 1» አለችኝ።

መቁጠር ከዚህ ይጀምራል። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 12 ድረስ 41 ቀን ነው፣ ማለትም 5 ሳምንት ከ6 ቀን። የእርግዝና ሳምንት የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው እንጂ ከፀነሱበት ቀን አይደለም። ስለዚህ የወር አበባዋ የቀረባት ሴት «ገና ሁለት ሳምንቴ ነው» ስትል፣ በሐኪም አቆጣጠር ስድስተኛው ሳምንት ላይ ናት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የወር አበባዋ የሚዛባ፣ ወይም የእርግዝና መከላከያ መርፌ በቅርቡ ያቆመች ሴት ግን በጣት ቆጠራ አትመን፤ አልትራሳውንድ ያስፈልጋታል።

የሽንት ምርመራውን እዚያው ሰጠኋት። ሁለት መስመር ወጣ።

ሳምንቱ ለምን ይህን ያህል ይወስናል?

ከፅንሰት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ጽንሱ ገና ያልተለያዩ ሕዋሳት ስብስብ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጎዳ ነገር ቢገጥመው በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ እርግዝናው ሳይታወቅ ይወርዳል፣ ወይ ጽንሱ ራሱን ጠግኖ ይቀጥላል። «ማርገዜን ሳላውቅ፣ የወር አበባዬ ከመቅረቱ በፊት ሁለት ክኒን ውጬ ነበር» ብላ እንቅልፍ የምታጣ ሴት ይህን ብታውቅ ትንሽ ትተነፍሳለች። በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆዩ መድኃኒቶች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ለከባድ ብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ለምሳሌ፣ ካቆሙት በኋላም ቢያንስ አንድ ወር ሳያረግዙ መቆየት ይጠይቃል።

ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ሌላ ነው። አካል የሚሠራው ያኔ ነው። ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ከፅንሰት በ28ኛው ቀን አካባቢ ይዘጋል። የእኔ ደንበኛ ያን ቀን 27ኛው ላይ ነበረች። የልጇ ልብ መምታት ጀምሯል፣ እሷ ግን እርጉዝ መሆኗን ገና አሁን ሰማች።

ይህን የጊዜ ነገር ዓለም የተማረው በታሊዶማይድ ነው። በ1957 በፈረንጆች አቆጣጠር ምዕራብ ጀርመን ውስጥ የእንቅልፍና ማረጋጊያ መድኃኒት ተብሎ ወጣ፤ እርጉዞችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪነሳ ድረስ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። ሐኪሞች ወደ ኋላ ተመልሰው ቀኑን ሲቆጥሩ፣ ጉዳቱ የደረሰው ከመጨረሻው የወር አበባ ጀምሮ ከ34ኛው እስከ 50ኛው ቀን ባለው ጊዜ ለወሰዱት ሆኖ ተገኘ። በቀናት ልዩነት የአንዱ ጆሮ፣ የሌላው ክንድ፣ የሌላው እግር ተጎዳ። ለእኔ ደንበኛ ይህ ጊዜ ከኅዳር 5 እስከ ኅዳር 21 ነው። ኮሶው የተቀጠረበት ቅዳሜም እዚያው ውስጥ ይወድቃል።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄ ይዘን እንሂድ። መድኃኒቱ በዚህ ሳምንት ምን ያደርጋል? በሽታውስ መቆየት ይችላል ወይ? ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ለራስ ምታቱና ለትኩሳቱ፦ ፓራሲታሞል ወይስ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ?

ይህ ቀላሉ ነው። ፓራሲታሞል። ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ፣ ለሚያስፈልጉት ቀናት ብቻ። የጉንፋን ክኒንና ሽሮፕ ውስጥም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ አይገባም። ብዙ ሰው «ፓራሲታሞልማ ምን ይሠራል» ብሎ ይንቀዋል። እርጉዝ ስትሆኚ የተናቀው ነው የሚሻልሽ።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በመጀመሪያ ወራት ከውርጃ ጋር ግንኙነት ይኖራቸው ይሆን የሚል ጥርጣሬ አለባቸው፤ ማስረጃው ግን አንድ ወጥ አይደለም። እርግጠኛው ጉዳት ያለው ወደ ኋላ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ይነካሉ፣ የእንሽርት ውሃ ይቀንሳል። ከ30ኛው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ልብ አጠገብ ያለውን፣ ከመወለድ በፊት መዘጋት የሌለበትን የደም ሥር ያለጊዜው ሊዘጉት ይችላሉ። አንዳንዱ መድኃኒት መጀመሪያ ላይ ያስፈራል፣ አንዳንዱ መጨረሻ ላይ። ልጅቷ ከትናንት ወዲያ አንድ ፍሬ ባለ 400 መዋጧን ስትነግረኝ «አትድገሚው እንጂ በዚያ አትጨነቂ» አልኳት። አማቷ ግን የወገብ ሕመም ባለባት ቁጥር ዳይክሎፌናክ መርፌ የምትወጋ ጎረቤታቸውን አነሱ። እሷ እርጉዝ ከሆነች ቶሎ ሐኪም ታናግር አልኳቸው።

ትኩሳቱን ግን «ይለፍ» ብሎ መተውም ስህተት ነው። ቱቦው በሚዘጋበት ሰሞን ከፍተኛ ትኩሳት ራሱ ከሕብለ ሰረሰር ችግር ጋር ይያያዛል። ቴርሞሜትሩ 38.6 ሲያሳየኝ ፓራሲታሞሉን እዚያው አስዋጥኳት።

ለትሉ፦ ኮሶ፣ አልቤንዳዞል ወይስ መጠበቅ?

አማቷን እማማ እያልኩ ነው የማነጋግራቸው፤ ኮሶ ላይ ግን ተፋጠጥን። «ልጄ፣ እኛ በሁለት ወሩ ስንጠጣ የኖርን ነን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ኮሶ ትሉን ያስወጣል፤ አበሻ ለዘመናት የታመነበት በከንቱ አይደለም። ችግሩ እንዴት እንደሚያስወጣ ላይ ነው። የደረቀው የሴቴዋ ዛፍ አበባ ተወቅጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ከዚያ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ይከተላል፣ ብዙዎችን ያስመልሳቸዋል። ፊቱን ያጨማደደን ሰው «ኮሶ የጠጣ ይመስል» የምንለው ምሬቱን ስለምናውቅ ነው። ኮሶ በእርጉዝ ሴት ላይ ውርጃ ሊያስከትል እንደሚችል ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። መጠኑም አይታወቅም። የአንዱ ገበያ አበባ ካለፈው ዓመት የቆየ ነው፣ የሌላው ትናንት የደረቀ። የአንዷ እፍኝ ከሌላዋ ይበልጣል። ክኒን ላይ ሚሊግራም ተጽፏል፤ ፌስታሉ ላይ ምንም የለም።

ታዲያ አልቤንዳዞል ልስጣት? እሱም አይሆንም። የሆድ ትል መድኃኒት ተብሎ በየቤቱ የሚዋጠው አልቤንዳዞል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይሰጥም፤ እርጉዝ ሴቶች በዘመቻ ሲታደላቸው እንኳ ከሦስት ወር በኋላ ነው። በዚያ ላይ ለኮሶ ትል ሐኪም የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ነው። ስለዚህ «ዘመናዊውን ልውሰድ» ማለትም በራሱ መልስ አይሆንም።

የተሻለው መጠበቅ ነው። የከብት ኮሶ ትል ያስጠላል፣ ያሳክካል፣ የምግብ ፍላጎት ይነካል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን እናትንም ጽንስንም ለአደጋ አይጥልም። ሦስት ወሩ ሲያልፍ ሐኪም አይቶ ሊያክማት ይችላል። እስከዚያ ጥሬ ሥጋ ይቅር። «ትሉ ውስጤ እያለ?» አለች ልጅቷ ፊቷን አጨማዳ። አዎ፣ እያለ። ደስ አይልም፣ ግን ይቆያል።

እንቆቆና መተሬም ለተመሳሳይ ሥራ የሚወሰዱ ናቸው፤ ለእርጉዝ የሚሆን የታወቀ ልክ የላቸውም። እንዶድን ደግሞ ማንም በምንም ምክንያት እንዳይጠጣ። ጽንስ ለማስወረድ የጠጡት ሴቶች ራሳቸው ተመርዘዋል።

ለምቹ፦ ዳማከሴ ወይስ የወባ ምርመራ?

ያን ቀን በጣም ያሳሰበኝ ኮሶው አይደለም፤ ዳማከሴው ነው። ዳማከሴ መርዝ ስለሆነ አይደለም። ቅጠሉን ማሸተትና ግንባር ላይ ማሸት ማንንም ሲጎዳ አላየሁም። ጭማቂውን መጠጣት ግን በእርግዝና ስለሚያደርገው ነገር በቂ ጥናት ስለሌለ እኔ አልመክርም። አሳሳቢው ሌላ ነው። ሁለት ቀን «ምች ነው» ተብሎ አለፈ። ኅዳር ላይ፣ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ያለባት እርጉዝ ሴት ምች ነው ከመባሉ በፊት ጣቷ ተወግቶ ደሟ መታየት አለበት። ወባ በእርግዝና ጊዜ ይከፋል። ደም ማነስ፣ ውርጃ፣ ሲብስም የእናት ሞት ያመጣል። ይህ የማይቆይ በሽታ ነው።

ባጃጅ አስይዤ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዘው ተመለሱ፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዝርያ ነው።

ዝርያው ምርጫውን ይቀይረዋል። ለቫይቫክስ ክሎሮኪን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም ይሰጣል። ለአዋቂ በተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን 4፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 2 ክኒን ነው። ፋልሲፓረም ቢሆን ኖሮ ኮአርተም ይሆን ነበር። ኮአርተም ለረጅም ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይመከርም ነበር፤ ያኔ ለእርጉዞች የሚሰጠው የሰባት ቀን ኩዊኒን ነበር፣ ጆሮ የሚያስጮኸውና የሚያቅለሸልሸው። በ2022 በፈረንጆች አቆጣጠር የዓለም ጤና ድርጅት የተሰበሰበውን ማስረጃ አይቶ ኮአርተምን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም ፈቀደ። «ለእርጉዝ ኮአርተም አይሰጥም» የሚል የቆየ ምክር ብትሰሙ ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ሲወሰድ 4 ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው። ሐዋሳ ላይ ለዚህ ችግር የለም፤ አቮካዶ አለ፣ ቅቤ የጠገበ ቡርሳሜ አለ።

አንድ መድኃኒት ግን ከወረቀቱ ላይ መቅረት ነበረበት፤ ፕሪማኪን። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል። የተደበቀውን የሚያጠፋው ፕሪማኪን ነው። ነገር ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። የነፍሰ ጡሯን ደም መርምሮ ማወቅ ይቻላል፤ የጽንሱን ግን አይቻልም። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ እንዲሆን ይተላለፋል። ዋጋው ወባው ተመልሶ ሊመጣ መቻሉ ነው። ይህን ቀድሜ ነገርኳት፤ «ትኩሳት ከተሰማሽ በዚያው ቀን ተመርመሪ፣ ምች ነው አትበይ።»

ሌሎቹን በአጭሩ

ጤና አዳም። ቡና ላይ ጣል የምትደረገው አንዲት ዘለላና ለሆድ ቁርጠት ተወቅጦ የሚጠጣው ጭማቂ አንድ አይደሉም። ጤና አዳም ማሕፀንን በማነሳሳት የታወቀ ተክል ነው። ባለፈው ሳምንት ቡናሽ ላይ ስለነበረው አትሸበሪ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ሁለቱም ይቅር፣ ጭማቂው በተለይ። ቡናውም ቢሆን በቀን 200 ሚሊግራም ካፌይን እንዳያልፍ ይመከራል፤ አቦል ጠጥቶ ቶናና በረካን ለጎረቤት መተው ማለት ነው።

ለማቅለሽለሽ ዝንጅብል በወጥ ቤት መጠን ችግር የለበትም። ሻይ ውስጥ ጥቂት ቁራጭ ይበቃል። ካልበቃ ቫይታሚን ቢ6 አለ፤ ውሃ እንኳ የማይረጋላት ግን ሐኪም ቤት መሄድ አለባት።

ሽንት ሲያቃጥል በየመንደሩ የሚዋጠው ኮትሪሞክሳዞል ፎሊክ አሲድን ስለሚሻማ በእነዚህ ሳምንታት አይመረጥም፤ እንደ ሴፋሌክሲን ያሉ ምትኮች አሉ። ዶክሲሳይክሊን ጉዳቱ ወደ ኋላ፣ በጥርስና በአጥንት ላይ ነው፤ እሱም አይሰጥም። በኤችአይቪ ምክንያት ኮትሪሞክሳዞል በቋሚነት የምትወስድ ሴት ግን ሐኪሟን ሳታናግር አታቁም።

ማቆም ስል፣ ለሚጥል በሽታ የሚወሰደው ቫልፕሮኤት ሌላው ፈታኝ ምርጫ ነው። ከወሰዱት እናቶች ከ100 ልጆች 10 ያህሉ የአካል ጉድለት ይኖራቸዋል፤ በማንኛውም እርግዝና ይህ ከ100 ሁለት ወይም ሦስት ነው። ሆኖም ዛሬ እርጉዝ መሆኗን ያወቀች ሴት ዛሬ ማታ ክኒኗን ብታቆም በሽታው ሲጥላት እሷንም ልጁንም ሊገድል ይችላል። ውሳኔው የሐኪም ነው፣ በጣም ጥሩው ጊዜ ደግሞ ከማርገዟ በፊት።

ፎሊክ አሲድም እንዲሁ ከፊት ይቀድማል። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ከአይረን ጋር የተቀናጀው ክኒን ውስጥ አለ፤ ግን ብዙዋ ሴት ክትትል የምትጀምረው በአራተኛው ወር ነው። ቱቦው የተዘጋው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ልጅ የምታስብ ሴት በቀን 400 ማይክሮግራሙን ቀድማ ብትጀምር ነው የሚጠቅማት። ለደንበኛዬ ያኑ ዕለት ሰጠኋት፤ ለቱቦው የቀረው ጊዜ ግን በቀናት የሚቆጠር ነበር።

ሲወጡ እማማ ኮሶውን ከነፌስታሉ ባንኮኒዬ ላይ አኖሩት። «ቤት ካለ እኔም እፈተናለሁ፣ አንቺ ጋ ይቀመጥ» አሉኝ።

ጥር 20 ቀን ልጅቷ ተመልሳ መጣች። 109ኛው ቀኗ ነበር፣ 15 ሳምንት ከ4 ቀን። ጠዋት ብርድ ብርድ ብሏት ቁርስ እንኳ ሳትበላ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄዳለች፤ ወባው ተመልሷል፣ ክሎሮኪኑ ዳግም ተጽፎላታል። ለትሉም ሐኪሙ ሦስት ወሩ ማለፉን አይቶ፣ ወባው ሲሻላት እንድትመጣ ቀጥሯታል። ወረቀቱን እያነበብኩ ሳለ ዐይኗ መሳቢያዬ ላይ ሄደ።

«ኮሶው አለ?»

«አለ» አልኳት። «እማማ ሲመጡ እሰጣቸዋለሁ፣ አንቺ ከወለድሽ በኋላ።»